ሁለት ፍሬ ጠዋት፣ ሁለት ፍሬ ማታ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያቀናው መንገድ ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንደኛው፣ ኅዳር 9 ቀን ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት ወጣት እናት የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች በመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ፊት ቆማ፣ የተሰጣትን ትንሽ የወረቀት ከረጢት ታገላብጥ ነበር። ሕፃኑ ሦስት ቀን ሙሉ በደጋው ብርድና በቤቱ ጢስ መካከል ሲያስለው ሰንብቶ፣ መርማሪው ደረቱን ገልጦ እስትንፋሱን ቢቈጥር በደቂቃ 46 ሆኖ አገኘው። ዕድሜው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆነ ልጅ ዘንድ 40ና ከዚያ በላይ የሆነ እስትንፋስ ፈጣን ተብሎ ስለሚቈጠር፣ ሕመሙ የሳንባ ምች ነው ተባለ። የልጁ ክብደት 11 ኪሎ ነው። የታዘዘለትም በውኃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን ክኒን ሲሆን፣ ባለመድኃኒቱ በከረጢቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው ይህን ብቻ ነበር፦ 2×2×5/7።

ይህ ጽሑፍ ለጻፈው ሰው ምሉዕ ነው። ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ለአምስቱ ማለት መሆኑን እርሱና ባልደረቦቹ በትምህርት ቤት ተምረውታል፤ በመካከላቸውም አንዳች ክርክር አያስነሣም። ነገር ግን ከረጢቱን በቤት የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ማንበብ የሚችሉት ከግማሽ ያነሱ ሆነው ስለ ተገኙ፣ በገጠሩ ቤት ውስጥ አንባቢው አብዛኛውን ጊዜ የእናቲቱ ታላቅ ልጅ፣ ማለት የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ደግሞ በመምህሩ ዘንድ 2×2 አራት እንደሆነ አጥርቶ ተምሯል። ስለዚህም በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ ስጪው ብሎ ለእናቱ ቢያነብላት በትምህርቱ ረገድ አልተሳሳተም። በስተኋላ ያለውን 5/7 ያየ እንደሆነም፣ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን አስከትሎ መጻፍ የአገር ልማድ ነውና፣ ሰባተኛው ወር ከመስከረም ሲቈጠር መጋቢት ስለሚሆን፣ መድኃኒቱ እስከ መጋቢት 5 የሚቈይ ይመስለዋል።

በትርጓሜ መጻሕፍት ጉባኤ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ወገን ሲፈታው መስማት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቃሉ ምሥጢር የሚሰፋውና የሚከብረውም በዚሁ መንገድ ነው። ለወላጅ የሚጻፍ የመድኃኒት መመሪያ ግን አንዲት «አንድም» እንኳ ሊገባበት አይገባም፤ ሁለተኛው ትርጓሜ የተገኘ ዕለት መጠኑ ሁለት ሆነ ማለት ነውና። ይህን ሥራ በእጃቸው የያዙት ባለሙያዎች የሚደክሙት እንግዲህ የሚያምር ወረቀት ለማተም ሳይሆን፣ ከየቃሉ ሥር የተሸሸገውን ሁለተኛ ንባብ ፈልጎ ለማውጣት ነው።

የተሸሸገ ንባብ ከሞላባቸው ሐረጎች አንዱ ማንም የማይጠረጥረው «በየ6 ሰዓቱ» የሚለው ነው። ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃል በቃል ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ አቈጣጠር 6 ሰዓት የጊዜ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የታወቀ የቀን ሰዓት፣ ማለት ቀትር፣ እንዲሁም እኩለ ሌሊት ስም ነው። ስለዚህ በየ6 ሰዓቱ ስጪው የተባለች እናት ቀትር በደረሰ ጊዜ አንድ፣ ሌሊቱ በተከፈለ ጊዜ አንድ አድርጋ ብትሰጠው ቃሉን ፈጽማለች፤ አራት ጊዜ የታሰበውም ሁለት ጊዜ ይሆናል። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለው ደግሞ ከቀትር በኋላ ባለው ስምንት ሰዓት ላይ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱ የትኩሳት ማስታገሻ ከሆነ ጉዳቱ ልጁ በትኩሳት መሰቃየቱ ነው፤ የተሐዋስያን ማጥፊያ የሆነ እንደሆነ ግን በደም ውስጥ ያለው ኃይሉ በመካከሉ ይወርድና ሕመሙ ያገረሻል።

«በቀን» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ሐኪሙ በቀን ሲል ሃያ አራቱን ሰዓት ይዞ ነው፤ በቤት ያለው ሰው ግን ቀንን ከሌሊት ለይቶ ያውቀዋልና፣ በቀን ሦስት ጊዜ የተባለውን ሁሉ ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ባለው ጊዜ ውስጥ አጠጋግቶ ይጨርስና ሌሊቱን ባዶ ይተወዋል። ብዙዎች ይህን ለማቃናት «ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ» ብለው መጻፍን መርጠዋል። ምክራቸው በከተማ ይሠራ ይሆናል፤ በደጋው ቤት ግን ገበታ የሚቀርብበት ሰዓት በሥራና በጾም የሚወሰን ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ይልቁንም ዐቢይ ጾም በያዘ ጊዜ፣ ሕፃኑ ባይጾምም ቤቱ ይጾማል፤ እናቲቱ እህል የምትቀምሰው ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጁን በጠዋት ቂጣ ወይም ገንፎ ታቀምሰዋለች እንጂ ያንን ቁርስ ብላ አትጠራውም። መድኃኒቱን ከገበታ ጋር ያሰረ መመሪያ እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚፈታ ማሰብ አያዳግትም።

በዚያ ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያዎች የመረጡት መንገድ ቀላል ነው። ሰዓቱን በክፍተት መናገር ትተው በሁለት ወይም በአራት የታወቁ የቀን ምዕራፎች ላይ ያሳርፉታል። የሳንባ ምች መድኃኒቱ በ12 ሰዓት ልዩነት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሉታል፤ የአገራችን ሰዓት አቈጣጠር በዚህ ረገድ ያመቻል፣ አንዱ ቍጥር ጠዋትም ማታም ሲመጣ በመካከሉ ያለው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነውና። ሰዓት የሌለው ቤትም አለና ከሥሩ «ሲነጋ» እና «ከብት ገብቶ መብራት ሲበራ» የሚል ይጨምራሉ። እነሆ ለዚያች እናት በከረጢቱ ጽሑፍ ምትክ በተዘጋጀው አዲስ ወረቀት የተጻፈላት፦

«ይህ የሳንባ ምች መድኃኒት ነው።
ጠዋት ሲነጋ፣ 1 ሰዓት ላይ፦ 2 (ሁለት) ፍሬ።
ማታ መብራት ሲበራ፣ 1 ሰዓት ላይ፦ 2 (ሁለት) ፍሬ።
የመጨረሻው፦ ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ማታ።
ሳሉ ቢተወውም ፍሬው እስኪያልቅ ይስጡት።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ በዘፈቀደ የገባ ቃል የለም። ቍጥሩ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፤ እስክሪብቶ ሲደማ ወይም ወረቀቱ ውኃ ሲነካው አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ክፍልፋይ የታዘዘ እንደሆነ ደግሞ «ግማሽ» ወይም «ሩብ» ተብሎ በፊደል ብቻ ይጻፋል፤ 1/2 የሚለውን «አንድ ወይም ሁለት» ብሎ የሚያነብ፣ 0.5 የሚለውንም ነጥቡ ሲደበዝዝ 5 አድርጎ የሚያይ አይጠፋምና። «ለአምስት ቀን» ማለት ቀርቶ የመጨረሻው ዕለት በስሙ ተጠርቷል። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ፤ አምስቱን ቀን ከዛሬ የሚጀምር አለ፣ ከነገ የሚጀምርም አለ። የመጀመሪያው መጠን እዚያው በጤና ጣቢያው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ እናቲቱ ራሷ በባለመድኃኒቱ ፊት አሟሙታ ስለ ሰጠችው፣ ማክሰኞ አንድ ተብሎ ይቈጠራል፤ ዐሥረኛውና የመጨረሻው መጠንም ቅዳሜ ማታ ይውላል።

ስለ ማሟሟቱ ጥቂት መናገር ይገባል፤ በጽሑፍ ሊተካ የማይችለው ክፍል ይህ ነውና። ሁለቱ ፍሬ በንጹሕ ሲኒ ይገባሉ፤ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ ውኃ፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ተለክቶ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ይጨመርበታል፤ ሲኒው ቀስ ብሎ ሲዞር ክኒኑ በጥቂት ጊዜ ይፈርሳል። ልጁ ከጠጣው በኋላ በሲኒው ግድግዳ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ መድኃኒቱ ራሱ ስለሆነ ጥቂት ውኃ ተጨምሮበት፣ ሲኒው ታጥቦ፣ እጣቢውም ለልጁ ይሰጠዋል። እናቲቱ በመጀመሪያው ሙከራዋ ሲኒውን ልትደፋ ስትል ባለመድኃኒቱ እጇን ያዘና «እኅቴ፣ የቀረውን ተመልከቺው፤ ገና አልጨረሰም» አላት። እርስዋም ወደ ውስጥ አየችና «አመድ መስሎኝ እኮ ነው፣ ዶክተር» አለች። ከጠጣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሳይሞላው ልጁ ያስመለሰ እንደሆነ ያው መጠን አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ደግሞ ቢያስመልስ ግን መድገም ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው።

ጽሑፉን አንብቦ መድገም መቻል መረዳት እንዳልሆነ በሌላ አገር በተደረገ ጥናት በግልጽ ታይቷል። በ2006 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት 395 ሕሙማንን ይዞ፣ «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለውን የመድኃኒት ጽሑፍ እንዲያነቡና ከዚያም በቀን የሚወሰደውን ፍሬ ቈጥረው እንዲያሳዩ ጠየቃቸው። የንባብ ችሎታቸው ዝቅ ካለው መካከል ከመቶ ወደ 71 የሚሆኑት ቃሉን በትክክል ተናገሩ፤ አራቱን ፍሬ ቈጥረው ያሳዩት ግን ከመቶ ወደ 35 ብቻ ነበሩ። በከረጢቱ ላይ 2×2 ተብሎ የሚጻፈው ይህ መጠን ስለሆነ፣ የዚህ ጥናት ውጤት ለእኛ ቤት የተነገረ ያህል ይቈጠራል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ «ገባሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰውን አክባሪ በሆነው ባህላችን ደግሞ አልገባኝም ማለት የተናጋሪውን ድካም እንደ መናቅ ስለሚታሰብ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ገብቶኛል» ነው። ባለመድኃኒቱ ጥያቄውን ለውጦ «ዛሬ ማታ የምትሰጪውን አውጥተሽ አሳዪኝ» አላት። እናቲቱ ከልጥፉ ሁለት ፍሬ ነካች። «ነገ ጠዋትስ?» ቢላት ሌሎች ሁለት ነካች። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ በእጇ የተሰጣት።

ትኩሳቱ ደግሞ ሌላ መድኃኒት፣ ሌላም አደጋ አለው። የልጁ የሰውነት ሙቀት 38 ነጥብ 7 ስለ ነበረ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ታዘዘለት። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ11 ኪሎ ልጅ ከ110 እስከ 165 ይሆናልና 5 ሚሊ ሊትር ይስማማዋል። በቀድሞው ወረቀት ላይ ይህ «አንድ የሻይ ማንኪያ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሐኪሞች የሻይ ማንኪያ ሲሉ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ ሲሉ 15 ሚሊ ሊትር ማለታቸው ነው፤ ቤት ያለው ማንኪያ ግን ይህን ስምምነት አያውቅም። በግሪክ አገር በ25 ቤቶች ያሉ ማንኪያዎች ተሰብስበው ቢለኩ፣ ሻይ ማንኪያ ከሚባሉት ትንሹ 2 ነጥብ 5፣ ትልቁ 7 ነጥብ 3 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ማንኪያዎች አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህል ሲይዝ፣ በማንኪያ ስም መድኃኒት ማዘዝ መጠኑን ለዕድል መተው ነው። በደጋው ቤት ደግሞ ማንኪያው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ወጥ የሚጨለፍበት ትልቁ ነው። በዚያ የተሰጠ አንድ ሙሉ ማንኪያ 360 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ለልጁ ከሚገባው ትልቁ መጠን ከሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህ የሚብሰው የጠብታው ጠርሙስ ነው። ለጨቅሎች ተብሎ በጠብታ የሚሸጠው ፓራሲታሞል በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ሥዕሉም የሕፃን ስለሆነ፣ ደካማ የሆነ መድኃኒት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከሽሮፑ አራት እጥፍ ያህል ብርቱ ነው። ባለፈው ዓመት ለሌላ ልጅ የተገዛ የጠብታ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ተገኝቶ «5 ሚሊ» ተብሎ የተጻፈው ከእርሱ የተቀዳ እንደሆነ፣ ልጁ 500 ሚሊ ግራም ጠጣ ማለት ነው። «ሚሊ» የሚለው አጠራር ራሱ ነገሩን ያብሰዋል፤ ባለሙያዎች በንግግር ሚሊ ግራሙንም ሚሊ ሊትሩንም «ሚሊ» ብለው ማሳጠር ስለ ለመዱ፣ በጠርሙሱ ላይ 120 የሚል ያየ ወላጅ የትኛውን ሚሊ እንደ ተናገሩት ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ለወላጅ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሚሊ ግራም ጨርሶ አይጻፍ የሚል አሳብ አለ፤ እኔም እስማማበታለሁ። እናት የምትለካው ፈሳሹን እንጂ በውስጡ ያለውን ቅመም አይደለም። የጠርሙሱ ብርታት በመዝገቡና በጠርሙሱ ላይ ይኑር፤ በወረቀቱ ላይ ግን «ከዚህ ጠርሙስ ብቻ» የሚል ቃልና የጠርሙሱ ስም ይበቃል። በ2014 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናትም መጠኑን በማንኪያ ስም ያሰቡት ወላጆች በሚሊ ሊትር ብቻ ካሰቡት ይልቅ የመሳሳት ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቷል።

ከሽሮፑ ጋር እንግዲህ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይሰጣል። ባለመድኃኒቱ በስሪንጁ ላይ በማይለቅ ቀይ ቀለም መስመር አሰመረና፣ ጥቁሩ ጎማ ወደ ጫፉ በሚያይበት በኩል ያለው ጠርዝ ከቀዩ መስመር ጋር ሲገጥም ልኩ እንደ ደረሰ አሳያት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎማው ሁለት ቀለበት አለውና በኋለኛው ቀለበት የለካ ሰው መጠኑን ዝቅ ያደርጋል። አየር የገባበትም እንደሆነ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መግፋት፣ ከዚያም እንደ ገና መሙላት ያስፈልጋል። መድኃኒቱም በአንድ ጊዜ ወደ ጉሮሮ አይገፋም፤ ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በጉንጩ ውስጠኛ ወገን ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይሰጠዋል። የወረቀቱ ቃል ይህ ነው፦

«ይህ የትኩሳት መድኃኒት ነው። ትኩሳት ሲኖረው ብቻ ይስጡት።
በስሪንጁ እስከ ቀዩ መስመር፦ 5 (አምስት) ሚሊ ሊትር። በማንኪያ አይስጡት።
ጠዋት 1 ሰዓት ከሰጡት፣ ሁለተኛውን ለመስጠት ቀን 7 ሰዓት ይጠብቁ።
ከንጋት እስከ ንጋት ከ4 (አራት) ጊዜ አያስበልጡ።
ከዚህ የበለጠ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ደህና ቢመስልም ጠርሙሱን ይዘው በቶሎ ይምጡ።»

ሦስተኛው መስመር በመጀመሪያ «ከስድስት ሰዓት በፊት ደግመው አይስጡ» የሚል ነበር። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብላ እንድታነበው ቢሰጣት ቃል በቃል እየነጠለች «ከስድስት ሰዓት በፊት ደግመው» ካለች በኋላ ዐረፍ አለች። በአማርኛ አሉታው የሚመጣው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ካለው ግሥ ጋር ስለሆነ፣ በጭንቀት የሚሰማ ወላጅ ማሰሪያው ሳይደርስ ሐሳቡን ይጨርሳል፤ ትእዛዙም ከእገዳ ወደ ፈቃድ ይለወጣል። ለዚህ ነው እገዳው «ይጠብቁ» ወደሚል ቀጥተኛ ቃል የተመለሰው። «በማንኪያ አይስጡት» የሚለው ግን ሦስት ቃል ያህል እንኳ ስላልሆነ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋልና ቀረ። የመጨረሻው መስመር የተጨመረው ደግሞ በፓራሲታሞል የተጎዳ ጉበት በመጀመሪያው ቀን ምልክቱን ስለማያሳይ ነው፤ ልጁ ጥቂት ያስመልሰው ወይም ይገረጣ ይሆናል፣ ከዚያም የተሻለው ይመስላል፤ ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ መፍትሔው ሲርቅ ነው።

ወረቀቱ ለሁሉ አይበቃም። በሥዕል ለማገዝ ተሞክሮ፣ ጠዋትን ለማሳየት ከተራራ ጀርባ የወጣች ግማሽ ፀሐይ፣ ማታንም ለማሳየት ከተራራ ጀርባ የገባች ግማሽ ፀሐይ ተስለው ነበር፤ እናቶች ሁለቱንም «ጠዋት» አሏቸው፣ ሥዕሉ ፀሐይቱ ወጣች ወይስ ገባች የሚያሰኝ ምልክት የለውምና። አሁን ማታው በተሰቀለ መብራት ተስሏል። ዕድሜ የሚወስንበት መመሪያም በራሱ ችግር አለው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን የታመመ እንደሆነ በቤት ሳይታከም በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መምጣት አለበት፤ ነገር ግን ብዙ ቤት የልደቱን ቀን በጽሑፍ አይዝም። በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ የተጠቀሙበት ጥበብ ከአገሩ ሥርዓት የመጣ ነው፦ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ክርስትና ያልተነሣ ወንድ በእርግጥ ከሁለት ወር በታች ነው ይባላል፤ ክርስትና የተነሣች ሴት ከሁለት ወር በላይ ናት። የተቀሩትን ከበዓሉ ጀምሮ ያለፉትን ሳምንታት ቈጥረው ይደርሱባቸዋል። ክርስትናው በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የዘገየ እንደሆነ ግን ይህ መለኪያ ይስታልና ምክንያቱን መጠየቅ አይቀርም።

የመመለሻው ቀንም በወረቀቱ ላይ «በሦስተኛው ቀን» አልተባለም። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ሦስተኛው ቀን መነሻውን ይጨምራል፤ ትንሣኤው ከዓርብ ጀምሮ ሲቈጠር እሑድ ሦስተኛው ቀን እንደሆነው ሁሉ፣ በዚያ መንገድ የቈጠረች እናት ኅዳር 11 ሐሙስ ትመጣለች፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ ግን የተያዘው ሦስት ቀን አልፎ ዓርብ ነው። ስለዚህ «ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት» ተብሎ ተጻፈላት። የበዓሉ ስም የሚጻፈው ለማስዋብ ሳይሆን፣ በደጋው ቤት ቀን የሚታወሰው ከአኃዙ ይልቅ በታቦቱ ስም ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊትም ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ እስትንፋሱ የባሰ የፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ያለ እንደሆነ ቀኑን ሳትጠብቅ በሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ ከወረቀቱ በታች በትልቁ ተጽፏል።

ዓርብ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እናቲቱ ልጁን አዝላ፣ የክኒኑን ልጥፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ባለመድኃኒቱ አስቀድሞ የጠየቃት ልጥፉን ነው። ለአምስት ቀን የሚበቃው 20 ፍሬ ነበረ፤ ከማክሰኞ ረፋድ እስከ ዓርብ ጠዋት ሰባት ጊዜ ተሰጥቶ 14 ፍሬ ሲወጣ 6 ይቀራሉ። የእርስዋም ልጥፍ ስድስት ይዟል። 12 ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ቤት ከገባች በኋላ አንድ አንድ ፍሬ ብቻ እንደ ሰጠችው፣ ሐሙስ ጠዋት ላይ ደግሞ ሁለት ፍሬ ብቻ ቀርቶ እንደ ነበር ብትነግረው አራት አራት እንደ ሰጠችው፣ ሳይጠይቅ ይታወቅ ነበር። መርማሪው እስትንፋሱን እንደ ገና ቈጠረው፤ 34 ሆነ። ስድስቱንም እስከ ነገ ማታ እንድትጨርስ ተነገራት፤ ሳሉ ጥቂት ስለ ቀረ ለዚህ ብዙ ማግባባት አላስፈለጋትም፤ ሳል ጨርሶ የተዋቸው ልጆች እናቶች ናቸው የቀረውን ለሚቀጥለው ሕመም የሚያስቀምጡት።

ወረቀቱ በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ የሚታተም ሲሆን፣ ቀለሙ በሚያልቅበት ሳምንት ሁሉም ወደ 2×2 ይመለሳል፤ በሰልፍ የቆሙት ሰዎች ሲበዙም እጅ ወደ ለመደው አጭር ጽሕፈት ይሮጣል። ለዚህ ሲባል በደብረ ማርቆስ ማኅተም ከሚቀርጹት ዘንድ ሁለት የጎማ ማኅተም ተሠርቷል። አንደኛው ለክኒን ነው፤ በከረጢቱ ላይ ሲያርፍ «ጠዋት … ፍሬ፣ ማታ … ፍሬ፣ የመጨረሻው ዕለት …» የሚል ይወጣል፤ ባለመድኃኒቱ ባዶውን ቦታ ብቻ ይሞላል። ሁለተኛው ለሽሮፕ ነው፤ በእርሱ ላይ የማንኪያ ስም የለም፣ «… ሚሊ ሊትር፣ በስሪንጅ» ይላል። በመጀመሪያው ቅርጽ «ቀን» የሚል ሦስተኛ ባዶ ቦታ በጠዋትና በማታ መካከል ነበረ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው መድኃኒት ሲሞላ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ስለሚቀር ወላጆች ባለመድኃኒቱ የረሳው መስሏቸው በራሳቸው ይሞሉት ጀመር። አሁን ሦስት ጊዜ ለሚሰጠው መድኃኒት የተለየ ሦስተኛ ማኅተም ታዝዟል።